ዋናው ተቀደደ፤ ግልባጩስ የት ነው?

ጎንደር፣ የካቲት 2018 ዓ.ም.

በጎንደር ከተማ ለሚገኙ ክሊኒኮች፣ ትምህርት ቤቶችና ባለጉዳይ ለሚያስተናግዱ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ከቻትቦት ጋር የተደረገ ንግግር ዲሊት ከተደረገ በኋላ ስለሚቆዩ ቅጂዎች፣ እና ለባለጉዳይ «ጠፍቷል» ብሎ መልስ መስጠት እንዲቆም ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በከተማችን በመዝገብ አያያዝ፣ በኔትወርክና በዳታቤዝ ሥራ ላይ የምንገኝ ባለሙያዎች ነን። ደብዳቤ ለማርቀቅ፣ ሪፖርት ለማሳጠርና ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም እንደ ቻትጂፒቲ፣ ጄሚናይና ክላውድ ያሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎችን መጠቀም በቢሮዎቻችን የተለመደ ሆኗል። መጠቀሙን አንቃወምም። የምንቃወመው አንድ መልስ ነው። አንድ ባለጉዳይ «የእኔን ማስረጃ እዚያ ውስጥ አስገብታችሁታል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ «አዎ፣ ግን ወዲያው አጥፍተነዋል» የሚለው መልስ ልክ አይደለም። የሚሰጡት ሠራተኞች በቅን ልቦና እንደሚሰጡት አንጠራጠርም፤ የዲሊት ቁልፉ ግን እነሱ የሚያስቡትን ሥራ አይሠራም።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከታተለው። ምሳሌው የታሰበ እንጂ የማንም ክሊኒክ ታሪክ አይደለም።

ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አንዲት የካርድ ክፍል ሠራተኛ የአንድ ታካሚ ሪፈር ወረቀት እጇ ላይ አለ እንበል። ወረቀቱ ላይ የታካሚው ስም እስከ አያት፣ የፋይዳ ቁጥሩ፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የጀመረበት ቀንና የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ተጽፈዋል። እንግሊዝኛው ስለተፈለገ ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አነሳች፣ ፎቶውን ወደ ቻትቦቱ ላከች፣ ትርጉሙን ቀዳች፣ ከዚያም ንግግሩን ዲሊት አደረገች። ሁሉም ነገር 10 ደቂቃ አልፈጀም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ያ ወረቀት የት የት አለ?

መጀመሪያ ከእጇ ሳይወጣ ያለውን እንይ። ፎቶው አሁንም የስልኳ ጋለሪ ውስጥ ነው፤ ቻትቦቱ ላይ ያለውን ማጥፋት ስልኩን አይነካም። ከጋለሪው ብታጠፋውም ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ይገባል። ስልኩ ፎቶዎችን ወደ ጉግል ፎቶስ የሚያስቀምጥ ከሆነ ደግሞ በአካውንቷ ውስጥም አንድ አለ፤ እዚያ የተጣለ ፎቶ 60 ቀን ይቆያል። ብዙ ጊዜ ሰው ስለ ሩቁ ሰርቨር እየተጨነቀ ኪሱ ውስጥ ያለውን ይረሳል።

ቀጥሎ አቅራቢው ኩባንያ ዘንድ። ዲሊት እንደተጫነ ንግግሩ ከዝርዝሩ ይጠፋል፤ እሷ ተመልሳ ልታየው አትችልም። ሰርቨሩ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። አንድ ንግግር በአንድ ማሽን ላይ ብቻ አይቀመጥም፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተካው በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ይጻፋል። ታዲያ ዲሊት ሲባል ጽሑፉ በዚያች ሰከንድ ተፍቆ ሳይሆን «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ተለጥፎበት ነው የሚውለው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በዚያች ሰዓት ከማሽኖቹ አንዱ ጠፍቶ ከነበረ፣ ሲነሳ ስለ ስረዛው አያውቅም፤ አሮጌውን ጽሑፍ «እኔ ጋ አለ» ብሎ ለሌሎቹ መልሶ ያድላል። ምልክቱ የሚቀመጠው የተሰረዘው እንዳይነሳ ነው። በስፋት የሚታወቀው ካሳንድራ የተባለው ዳታቤዝ ማንም ካልቀየረው በቀር ይህን ምልክት 864,000 ሰከንድ፣ ማለትም 10 ቀን ያቆየዋል። እውነተኛው ፍቀት የሚመጣው ዘግይቶ ነው።

ከዚህ በላይ የሚቆየው ባክአፑ ነው። ባክአፕ ማለት በአንድ ቀን የነበረው ሁሉ አንድ ላይ ታስሮ የተቀመጠ ጥራዝ ነው። ከተሰፋ መጽሐፍ አንድ ቅጠል ብቻ መዞ ማውጣት እንደሚያስቸግር ሁሉ፣ ከባክአፕ ውስጥም የአንዲትን ሠራተኛ ንግግር ለይቶ ማውጣት አይሠራበትም፤ ጥራዙ ዕድሜው ሲደርስ በሙሉ ይጣላል። ጉግል በይፋ ባወጣው ማብራሪያ ከሚሠሩት ሰርቨሮች ሙሉ በሙሉ ለማጥፋት በአብዛኛው 2 ወር ገደማ፣ በባክአፕ ውስጥ ያለው እስኪያልቅ ደግሞ እስከ 6 ወር ሊወስድ እንደሚችል ይናገራል። የሚበላሸውም እዚህ ጋ ነው፦ አደጋ ደርሶ ከባክአፕ ሲመለስ፣ በመካከሉ የተሰረዙት ነገሮች ዝርዝር እንደገና ካልተፈጸመ የጠፋው ይነሳል። ጥንቁቅ ኩባንያ የስረዛ መዝገቡን ለብቻ የሚይዘው ለዚህ ነው።

ቻትጂፒቲን የሚያቀርበው ኦፕንኤአይና ክላውድን የሚያቀርበው አንትሮፒክ ለተጠቃሚ የሚሰጡት ቃል ተመሳሳይ ነው፦ የተሰረዘ ንግግር በ30 ቀን ውስጥ ከሰርቨሮቻችን ይጠፋል። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ቆጠራው ለእኛ ምቹ ነው፤ ጥቅምት 3 የተሰረዘ ኅዳር 3 ይሞላዋል። ጳጉሜን በመካከል የሚገባባት ከሆነ ብቻ ልብ ይባል። ነገር ግን ይህ ቃል ሁልጊዜ «ካልሆነ በቀር» የሚል ጅራት አለው፤ ለደኅንነት ሲባል ወይም ሕግ ሲያስገድድ ካልሆነ በቀር። የደብዳቤያችን ዋና ነገር ይህ ጅራት ነው።

ከደኅንነቱ እንጀምር። ለምን ያቆያሉ? አንድ አጭበርባሪ «ዕጣ ደርሶዎታል፣ ለማስተላለፊያ ይህን ያህል ብር ይላኩ» የሚል መልእክት በቻትቦት ያስጽፋል። እንዳስጻፈ ያጠፋዋል። በማግሥቱ በሌላ አካውንት ሌላ ዓይነት ያስጽፋል፤ እሱንም ያጠፋል። ዲሊት ማስረጃውን በዚያች ቅጽበት የሚያወድም ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው ፈጽሞ አይያዝም ነበር። አንዷ መልእክት ለብቻዋ ምንም አትመስልም፤ ነገሩ የሚታየው የሁለትና የሦስት ሳምንት መልእክቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። የተጎዳው ሰው አቤት የሚለውም ብዙ ጊዜ ከቀናት በኋላ ነው። ስለዚህ ኩባንያዎቹ የተሰረዘውንም ጨምሮ ለተወሰነ ጊዜ ይይዛሉ። ይህ ምክንያት እውነተኛ ምክንያት ነው ብለን እናምናለን፤ የማታለያ ሰበብ አድርገን አናቀርበውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ንግግር በኮምፒውተር ይመዘናል፤ አደገኛ ይመስላል አይመስልም የሚል ነጥብ ይሰጠዋል። ነጥቡ ከፍ ካለ ንግግሩ ተለይቶ ይቀመጣል፣ አንዳንዱንም ሰው ያየዋል። ተለይቶ የተቀመጠ ንግግር የ30 ቀኑ ቆጠራ አይመለከተውም። አንትሮፒክ የአጠቃቀም ደንቡን ጥሷል ተብሎ የተለየውን ንግግር እስከ 2 ዓመት፣ የተሰጠውን ነጥብ ደግሞ እስከ 7 ዓመት ሊያቆይ እንደሚችል ጽፏል። ጄሚናይ ላይ ገምጋሚ ሰዎች ያዩት ንግግር ከተጠቃሚው አካውንት ተነጥሎ እስከ 3 ዓመት ይቀመጣል፤ ተጠቃሚው በራሱ በኩል ታሪኩን ሁሉ ቢያጠፋም ይህኛው አይጠፋም። የንግግር ታሪክ ማስቀመጡን አስቀድመው ቢዘጉት እንኳ ጄሚናይ እስከ 72 ሰዓት ይይዘዋል።

ወደ ካርድ ክፍሏ ሠራተኛ እንመለስና ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር እንጻፋቸው። የጥቅምት 3 ቀን 2018ቱ ወረቀት ቻትጂፒቲ ወይም ክላውድ ላይ ሆኖ ማንም ሳይለየው በተራ መንገድ ከሄደ ኅዳር 3 ላይ ያበቃል። ጄሚናይ ላይ ተልኮ ለገምጋሚ ከደረሰ እስከ ጥቅምት 2021 ሊቆይ ይችላል። ክላውድ ላይ ሆኖ በስህተት ከተለየ ንግግሩ እስከ ጥቅምት 2020፣ ነጥቡ እስከ ጥቅምት 2025። «በስህተት» ያልነው አስበን ነው። መመዘኛው ማሽን ነው፤ ስለ መርዝ የሚጠይቅን የኬሚስትሪ መምህርና ስለ መርዝ የሚጠይቅን ክፉ ሰው ሁልጊዜ አይለያቸውም። ራስን ስለማጥፋት የሚናገር የአእምሮ ሕክምና ካርድ፣ በሕፃን ላይ ስለደረሰ ጥቃት የሚገልጽ የማኅበራዊ ሠራተኛ ሪፖርት፣ ስለ ድብደባ የሚናገር የፖሊስ ማስረጃ፤ እነዚህ ሁሉ በማሽኑ በቀላሉ ሊለዩ የሚችሉ ጽሑፎች ናቸው። ይህ ያሳስበናል፤ ምክንያቱም የሕዝብ መሥሪያ ቤት የሚይዛቸው እጅግ ሚስጥራዊ ወረቀቶች በትክክል እነዚያው ናቸው። ከመደበኛ ማመልከቻ ይልቅ የተጎጂ ልጅ ቃል ረዘም ላለ ጊዜ ሩቅ አገር ሊቀመጥ ይችላል ማለት ነው።

የሕጉን ደግሞ እንይ። እዚህ ላይ በፍርድ ቤት የምናውቀው አንድ ቃል ነገሩን ሁሉ ይገልጸዋል፦ እግድ። በክርክር ላይ ያለ ቤት ሲታገድ ባለቤቱ አይሸጠውም፣ አይለውጠውም፣ አያፈርሰውም። ቤቱ ግን ለተከራካሪው አልተሰጠም፤ ባለበት ቆመ እንጂ። በንግግር ቅጂዎች ላይም እንዲሁ እግድ ይወጣል።

ትልቁ ምሳሌ የኒው ዮርክ ታይምስና የኦፕንኤአይ ክርክር ነው። ጋዜጣው ክሱን የመሠረተው ታኅሣሥ 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ጽሑፎቼ ያለፈቃዴ ለቻትቦቱ ማሠልጠኛ ውለዋል የሚል የቅጂ መብት ክስ። በክርክሩ መካከል ከሳሾቹ የሚሰረዙት ንግግሮች ማስረጃ ሊሆኑ ይችላሉ አሉ። ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ዳኛ ኦና ዋንግ ኩባንያው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊሰረዙ የነበሩ የንግግር ውጤቶችን ሁሉ ሳይሰርዝ ለይቶ እንዲያቆይ አዘዙ። በዚያች ትእዛዝ የ30 ቀኑ ቃል ቆመ። የነጻውም ሆነ በየወሩ የሚከፈልበት የግለሰብ አካውንት ተጠቃሚ ዲሊት ቢል ከዓይኑ ይሰወርለታል፤ ከሰርቨሩ ግን አይጠፋም። ውል ያላቸው የድርጅትና የዩኒቨርሲቲ አካውንቶች፣ እንዲሁም ምንም እንዳይቀመጥ አስቀድመው የተስማሙ ደንበኞች ከትእዛዙ ውጭ ነበሩ። ግዴታው ያበቃው መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ የሚሰረዘው ወደ 30 ቀኑ ተመልሷል፤ በእግዱ ወራት የተያዘው ግን ለብቻው ተቆልፎ እንዲቆይ ሆነ።

ይህ ለእኛ ምን ማለት ነው? ሰኔ 2017 ላይ አንድ የጎንደር ትምህርት ቤት የተማሪ የዲሲፕሊን ውሳኔ በግለሰብ አካውንት ቻትጂፒቲ ላይ አርቅቆ በዚያው ቀን አጥፍቶ ከነበረ፣ ያ ጽሑፍ በሐምሌ አልጠፋም። በዚህ ትምህርት ቤቱም ተማሪውም ጥፋት የለባቸውም፤ በማያውቁት አህጉር ሁለት ኩባንያዎች ስለ ቅጂ መብት ተከራከሩና የእነሱ ወረቀት ባለበት ቆመ። የዲሊት ቁልፉ በዚያ ሁሉ ጊዜ መልኩን አልቀየረም። ማያ ገጹን አይቶ ማወቅ የሚቻልበት መንገድ አልነበረም።

ሌሎች እግዶችም አሉ፤ እነዚህ ግን ስለ አንድ ሰው የሚወጡ ናቸው። በአሜሪካ ሕግ መርማሪ አካል በጽሑፍ ሲጠይቅ አቅራቢው ያለውን ቅጂ ለ90 ቀን ሳይነካ ማቆየት አለበት፤ ለሌላ 90 ቀንም ሊታደስ ይችላል። በሕፃናት ላይ የሚፈጸም የወሲብ ጥቃትን የሚመለከት ሆኖ ለሚመለከተው አካል ሪፖርት የተደረገ ነገር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ 1 ዓመት ይቆያል። ማቆየቱ አሳልፎ መስጠት እንዳልሆነ ይታወቅ፤ ይዘቱን ለመውሰድ የፍርድ ቤት ማዘዣ ያስፈልጋል። ወደ አገራችን ስንመጣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን ለ1 ዓመት እንዲይዙ ያዛል። ትራፊክ ዳታ የተባለው ማን ከየት፣ ወደየት፣ መቼ ተገናኘ የሚለው ነው፤ የተጻፈው ነገር አይደለም።

በሌላ በኩል የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለባለጉዳዩ መረጃዬ ይሰረዝልኝ የማለት መብት ሰጥቶታል፤ የጤና መረጃን ጠበቅ ያለ ጥበቃ ከሚያስፈልገው ወገን አድርጎታል፤ ወደ ውጭ አገር ለሚላክ መረጃም ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። ይህን አዋጅ ለማስፈጸም የተመደበው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በአዋጁ ዓይን ለታካሚው ተጠያቂው ወረቀቱን የላከው ክሊኒክ ነው። ስለዚህ «ጠፍቷል» ብሎ የፈረመ ኃላፊ ያላየውን ነገር ነው የመሰከረው።

አሁን ወደ ተግባሩ። የግለሰብ መረጃ የያዘ ነገር በስህተት ከገባ ሠራተኛው ምን ያድርግ?

ከሁሉ በፊት ዲሊት ለመጫን አይቸኩል። መጀመሪያ በወረቀት ይመዝግብ፦ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የትኛው አገልግሎት እንደሆነ፣ በማን አካውንት እንደተላከ፣ አካውንቱ የግለሰብ ይሁን በውል የተያዘ፣ የማን ምን መረጃ እንደገባ። ስክሪንሾት ማንሳት አይገባም፤ እሱ ራሱ አዲስ ግልባጭ ነው። ንግግሩ ከተሰረዘ በኋላ ውስጡ ምን እንደነበር ማንም በትክክል አያስታውስም፤ ባለጉዳዩ ሲጠይቅ መልስ የሚገኘው ከዚህች ምዝገባ ነው። ጉዳዩ በፍርድ ቤት ወይም በዲሲፕሊን ኮሚቴ የተያዘ ከሆነም ሳያጠፋ የሕግ ክፍሉን ይጠይቅ፤ በክርክር ላይ ያለ ማስረጃ ማጥፋት የራሱ ጣጣ አለው።

ከዚያ ማጥፋቱ ከዳር ወደ መሐል ይሂድ። ንግግሩ በሊንክ ለሌላ ሰው ተጋርቶ ከሆነ መጀመሪያ ሊንኩ ይሰረዝ፤ ቻትጂፒቲ ላይ በ `Settings` ውስጥ `Data controls` በሚለው ሥር `Shared links` ይገኛል። ቀጥሎ ማስታወሻው ይታይ። ቻትቦቱ ስለ ተጠቃሚው የሚይዘው `Memory` የሚባል ነገር አለ፤ «ተጠቃሚዋ የሳንባ ነቀርሳ ታካሚዎችን ሪፈር ትጽፋለች» የመሰለ ዓረፍተ ነገር እዚያ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ንግግሩን ማጥፋት ይህን አያጠፋውም፤ በ `Personalization` ሥር ገብቶ ለብቻው መሰረዝ ነው። በመጨረሻ ንግግሩ ራሱ በ `Delete` ይጥፋ። `Archive` የሚለው ከጎኑ ስላለ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እሱ ከዓይን ያርቃል እንጂ ምንም አይሰርዝም፣ የ30 ቀኑ ቆጠራም አይጀምርለትም።

አንድ ነገር ግን በብርቱ እናሳስባለን። ትርጉሙ አላምር ሲላቸው ብዙ ሠራተኞች አውራ ጣቱ ወደ ታች የዞረውን ምልክት ይጫናሉ። ይህ አስተያየት መስጠት ነው፤ አስተያየት ሲሰጥ ንግግሩ አብሮ ይቀዳና ለማሻሻያ ይቀመጣል። ያ ቅጂ በንግግሩ ስረዛ ላይሰረዝ ይችላል። የሰው መረጃ ባለበት ንግግር ላይ የትኛውም አውራ ጣት አይነካ።

`Temporary chat` የሚለውም እንዲሁ ተስፋ ይጣልበታል። በታሪክ ዝርዝር ውስጥ አይታይም፣ ለማሠልጠኛም አይውልም፤ ይህ ጥቅም ነው። ነገር ግን ኦፕንኤአይ ለደኅንነት ሲል ቅጂውን እስከ 30 ቀን እንደሚይዝ ራሱ ይናገራል። ለማሠልጠኛ መዋልን የሚከለክለው ማስተካከያም ከመጻፉ በፊት መዘጋት አለበት፤ አንዴ ለሥልጠና የዋለን ጽሑፍ በኋላ በሚጫን ዲሊት ከሞዴሉ ውስጥ መዞ ማውጣት አይቻልም።

ማጥፋቱ መፈጸሙ በምን ይታወቃል? `Export data` በሚለው የአካውንቱን መረጃ በሙሉ አውርዶ ንግግሩ አለመኖሩን ማየት ይቻላል። ይህ ግን የሚያሳየው ዋናውን መደርደሪያ ብቻ ነው፤ ባክአፑን፣ የደኅንነቱን ቅጂና እግድ ያለበትን አያሳይም። ለእነዚያ ያለው መንገድ ለኩባንያው በግላዊነት ጥያቄ ማቅረቢያው በኩል በጽሑፍ መጠየቅና መልሱን ፋይል ውስጥ ማያያዝ ነው። ሲወርድ የመጣው ፋይልም ራሱ የሌሎች ባለጉዳዮችን ንግግር ሁሉ የያዘ ስለሆነ እንደታየ ይጥፋ።

ለባለጉዳዩ የሚሰጠው መልስ እንግዲህ እንዲህ ቢሆን እንመክራለን፦ «በጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. የሪፈር ወረቀትዎ ለትርጉም ሲባል ወደ አንድ የውጭ አገልግሎት ተልኳል። በዚያው ቀን ከአካውንታችን ሰርዘነዋል። አቅራቢው በ30 ቀን ውስጥ እንደሚያጠፋ ይገልጻል፤ ሆኖም ለደኅንነት ወይም በሕግ ግዴታ ምክንያት ቅጂ ከዚህ በላይ ሊያቆይ ይችላል። ይህ ስለመሆኑና አለመሆኑ ለአቅራቢው በጽሑፍ ጠይቀናል፤ መልሱ ሲደርሰን እናሳውቅዎታለን።» ረዘም ይላል፤ ባለጉዳዩንም ላያስደስት ይችላል። እውነቱ ግን ይህ ነው፣ መብቱን ተከትሎ መሄድ የሚችለውም ይህን ሲያውቅ ነው።

ከማጥፋት በፊት ያለው ጥንቃቄ ከዚህ ሁሉ ይቀላል። ያልተላከ ስም አይቆይም። የፋይዳ ቁጥር፣ የካርድ ቁጥር፣ ስልክና የቤት ቁጥር ለትርጉም ምንም አይጠቅሙም፤ በእጅ ተተይበው መጨረሻ ላይ ይገባሉ። በስም ፋንታ «ታካሚ ሀ» ማለት ይበቃል። ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ከመላክ የሚያስፈልገውን አንቀጽ ብቻ መተየብ ይሻላል፤ ፎቶ ማኅተሙንም፣ ፊርማውንም፣ ጠርዝ ላይ የተጻፈውንም ይዞ ይሄዳል። በእኛ ከተማ ደግሞ ስም ማውጣት ብቻውን እንደማይበቃ ሁላችንም እናውቃለን። «ማራኪ አካባቢ የምትኖር፣ ባሏ ሾፌር የሆነ፣ መንታ የወለደች የሒሳብ መምህርት» ከተባለ ስሟን መጻፍ ያስፈልጋል? ሰፈሩ፣ ሥራውና የቤተሰቡ ሁኔታ ለትርጉሙ ካላስፈለገ ይውጣ።

በአንድ የግል አካውንት አምስትና ስድስት ሠራተኞች የሚሠሩበት ቢሮ ካለ ያ ልማድ ይቁም። ማን ምን እንደላከ አይለይም፤ አንዱ የሰረዘውን ሌላው ቀድሞ ቀድቶት ሊሆን ይችላል፤ ሥራ የለቀቀ ሰውም የይለፍ ቃሉን ይዞ ይሄዳል። አቅም ያለው መሥሪያ ቤት የቆይታ ጊዜው በውል የሚወሰንበትን የድርጅት አካውንት ይግዛ፤ ያ አካውንት ከ2017ቱ እግድ ውጭ እንደነበር ከላይ ጠቅሰናል። አቅም የሌለው ግን የሰው መረጃ ጨርሶ አያስገባ።

የምንጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። «ጠፍቷል» የሚለውን መልስ አቁማችሁ ከላይ ባለው ዓይነት ተኩት። የላይኛዋን ምዝገባ የምትይዝ አንዲት መዝገብ በካርድ ክፍል፣ በሬጅስትራርና በመዝገብ ቤት ትቀመጥ። እግዱ ሲወጣ 30 ቀኑ ገና ያልሞላውም ስለሚገባበት፣ ከሚያዝያ 2017 እስከ መስከረም 2018 በግለሰብ አካውንት ቻትጂፒቲ ላይ የባለጉዳይ ወረቀት አስገብታችሁ «አጥፍተነዋል» ያላችሁት ሰው ካለ ደግሞ ጠርታችሁ የተሰጠውን መልስ አርሙለት።

ከሰላምታ ጋር

በጎንደር ከተማ በመዝገብ አያያዝ፣ በኔትወርክና በዳታቤዝ ሙያ የተሰማራን ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለካርድ ክፍል፣ ለሬጅስትራርና ለመዝገብ ቤት ሠራተኞች
ለየመሥሪያ ቤቱ የሕግ ክፍል
ለባለጉዳዮች፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ